«ስኳር የለውም» የተባለው ማስቲካ ሆድ የሚያላላው ለምንድን ነው?

ስኳር የሌለው ማስቲካ ወይም «ለስኳር ሕሙማን» የተባለ ብስኩት ገዝቶ ጀርባውን ያነበበ ሰው ሁለት ነገር ያያል። ከይዘቱ ዝርዝር ውስጥ ሶርቢቶል፣ ዛይሊቶል፣ ማልቲቶል የሚሉ ስሞች አሉ። አንዳንዱ ላይ በጥቅሉ «ስኳር አልኮል» ተብለው ይጻፋሉ። ዝቅ ብሎ ደግሞ ዓይን ቶሎ በማይይዘው ደቃቅ ፊደል «በብዛት ከተወሰደ ሆድ ሊያላላ ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ይከተላል።

ከዚህ ተነስቶ የሚወራው ብዙ ነው። አንዱ «አልኮል አለበት» ብሎ ይተወዋል። ሌላው «ካሎሪ የለውም» ብሎ ሙሉ ፓኮውን ይጨርሰዋል። ያ ሙሉ ፓኮ የጨረሰው ሰው ሌሊቱን ሽንት ቤት ሲመላለስ ያድርና በማግስቱ «መርዝ ነው» ይላል። ሦስቱም ተሳስተዋል። ግን የተሳሳቱት ስለ አንድ ነገር ነው። የእነዚህ ማጣፈጫዎች ካሎሪ የሚያንሰውም ሆድ የሚያላሉትም በአንድ ምክንያት ነው፤ ትንሹ አንጀት በደንብ አይመጥጣቸውም። ከስኳሩ ካሎሪ የተቀነሰው ሒሳብ ታች ትልቁ አንጀት ላይ ይወራረዳል ማለት ይቻላል።

## አልኮል የሚለው ስም

በመጀመሪያ ስሙን እንገላግለው። ስኳር አልኮል አያሰክርም። ቢራና አረቄ ውስጥ ያለው ኤታኖል የሚባለው ነው። ኬሚስቶች ግን «አልኮል» የሚሉት የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥምር (OH) በተወሰነ መልኩ የተያያዘበትን ሞለኪውል ሁሉ ነው። ሶርቢቶል ከግሉኮስ ላይ ሃይድሮጅን ተጨምሮበት የሚሠራ ነው። ስለዚህ ግማሽ ስሙን ከስኳር፣ ግማሹን ከአልኮል ወሰደ። በሃይማኖቱ ምክንያት መጠጥ የማይነካ ሰው ስሙን ብቻ አይቶ የሚሸሽበት ምክንያት የለም።

የፋብሪካ ፈጠራም አይደሉም። ሶርቢቶል በፖም፣ በፒርና በፕለም ውስጥ በተፈጥሮ አለ። የደረቀ ፕለም ሆድ ድርቀት ለያዘው ሰው የሚመከርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሶርቢቶል ነው።

## የበርሊኗ ወጣት

በጥር 2008 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ሐኪሞች መጽሔት በበርሊኑ ሻሪቴ ሆስፒታል የታዩ የሁለት ታካሚዎችን ታሪክ አወጣ። አንዷ የ21 ዓመት ወጣት ነች። ለ8 ወራት ተቅማጥና የሆድ ሕመም ሲያሠቃያት ቆይቶ 11 ኪሎ ቀንሳለች፤ ክብደቷ ወደ 41 ኪሎ ወርዷል። ምርመራው ሁሉ ምንም አላሳየም።

መልሱ የተገኘው ምን እንደምትበላ በዝርዝር ስትጠየቅ ነው። ስኳር የሌለው ማስቲካ በብዛት ታኝካለች። አንዷ ማስቲካ 1.25 ግራም ገደማ ሶርቢቶል አላት። ሲደመር በቀን ከ18 እስከ 20 ግራም ይሆናል፤ ማለትም አሥራ አምስት ማስቲካ አካባቢ። ሁለተኛው ታካሚ የ46 ዓመት ጎልማሳ ነበር። እሱ በቀን 20 ማስቲካ ያኝካል፣ በላዩ ላይ እስከ 200 ግራም ከረሜላ ይበላል። ድምሩ ወደ 30 ግራም ሶርቢቶል ይደርሳል። 22 ኪሎ ቀንሷል።

ሁለቱም ሶርቢቶሉን ሲተዉ ተቅማጡ ቆመ። ወጣቷ በዓመቱ 7 ኪሎ ጨመረች።

ይህን ታሪክ የመረጥነው ለማስፈራራት አይደለም። በቀን ሁለት ሦስት ማስቲካ የሚያኝክ ሰው እዚህ ውስጥ የለበትም። የሚያስተምረው ነገር ግን ትልቅ ነው፤ ማንም ሰው ማስቲካን ምግብ ብሎ አይቆጥርም። «ምን በላህ?» ሲባል ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ይዘረዝራል። እንቅልፍ እንዳይጥለው ሲያኝክ የሚውል የረጅም መንገድ ሾፌር ወይም ሲጋራ ለመተው ማስቲካ የያዘ ሰው አሥራ አምስት ላይ ሳያውቀው ይደርሳል።

## አንጀት ውስጥ የሚሆነው

ተራው ስኳር ትንሹ አንጀት ሲደርስ በኢንዛይም ተሰብሮ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይሆናል። የአንጀት ግድግዳ ለእነዚህ የራሱ በሮች አሉት። ግሉኮስ በሩ ላይ ሲደርስ ተስቦ ይገባል፤ ወዲያው ደም ውስጥ ነው። ለሶርቢቶልና ለዛይሊቶል ግን እንዲህ ያለ በር የለም። በሴሎቹ ክፍተት ቀስ እያሉ ሾልከው ካልገቡ በቀር ሌላ መንገድ የላቸውም። ጥቂቱ ይገባል። የቀረው አንጀት ውስጥ ይቀመጣል።

ሲቀመጥ ደግሞ ባዶውን አይቀመጥም፤ ውሃ ይይዛል። ቲማቲም ተከትፎ ጨው ሲነሰነስበት ትንሽ ቆይቶ ሳህኑ ውስጥ ውሃ ይቋጥራል። ጨው ወዳለበት ውሃ ይሄዳል። ሳይንሱ ኦስሞሲስ ይለዋል፤ የሟሟ ነገር ወደ በዛበት ወገን የሚደረግ የውሃ ጉዞ ነው። አንጀት ውስጥ የቀረ ሶርቢቶልም እንደ ጨዉ ነው። ከሰውነት ውሃ ይስባል፣ የመጣውንም ውሃ እንዳይመለስ ይይዘዋል።

መጠኑን በግምት ማስላት ይቻላል። 18 ግራም ሶርቢቶል በሞለኪውል ብዛት መለኪያ 100 ሚሊሞል ያህል ነው። በአንድ ሊትር የሰውነት ፈሳሽ ውስጥ የሟሟው ነገር ሁሉ ተደምሮ ወደ 290 ሚሊሞል ይሆናል። አንጀትም ከዚህ ጋር እኩል ለመሆን ይሞክራል። ስለዚህ 20 ግራም ሶርቢቶል ጨርሶ ሳይመጠጥ ቢቀር 380 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ ይዞ ይቀራል። አንድ ትልቅ ብርጭቆ ማለት ነው። በጤናማ ሰው ሰገራ ውስጥ በቀን የሚወጣው ውሃ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው። በዚህ ላይ አንድ ብርጭቆ ሲጨመር ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም።

ታዲያ አምስት ግራም የወሰደ ሰው ለምን ምንም አይሆንም? ትልቁ አንጀት ስላለ ነው። እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ሶርቢቶሉን ያብላሉታል። ሲያብላሉት አሴቲክ፣ ፕሮፒዮኒክና ቡቲሪክ የሚባሉ ትናንሽ አሲዶች ይወጣሉ። እነዚህን ትልቁ አንጀት በደስታ ይመጥጣቸዋል፤ ሲመጥጣቸው ውሃውም አብሮ ይመለሳል። ከአሲዶቹ ጋር ጋዝ ይወጣል። ሊጥ ሲቦካ ኩፍ የሚለው በጋዝ እንደሆነው ሁሉ ሆድም ይነፋል። በነገራችን ላይ ሆዱ የተነፋበት ሰው ባክቴሪያዎቹን ያማርራል እንጂ ከተቅማጥ እያዳኑት ያሉት እነሱ ናቸው።

ችግሩ የፍጥነት ነው። ሶርቢቶሉ ባክቴሪያዎቹ ማብላላት ከሚችሉት በላይ በአንዴ ሲወርድባቸው ሳይሰበር የቀረው ከነውሃው ይወጣል። መጀመሪያ መንፋት፣ ቀጥሎ ቁርጠት፣ ከዚያ ተቅማጥ የሚለው ቅደም ተከተል የሚመጣው ከዚህ ነው። ያው 20 ግራም ቀኑን ሙሉ ከምግብ ጋር ተከፋፍሎ ሲበላና በባዶ ሆድ በመጠጥ መልክ በአንዴ ሲወሰድ ውጤቱ የሚለያየውም ለዚሁ ነው። ሰውነት ይለምዳል የሚባለውም እውነትነት አለው። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚወስድ ሰው ባክቴሪያዎቹ ለሥራው እየተዘጋጁ ይሄዳሉ። ትንሹ አንጀት ግን አይለምድም፤ አዲስ በር አይከፍትም።

ይህ ጠባይ እንደ መድኃኒትም ያገለግላል። 70 በመቶ የሆነ የሶርቢቶል ፈሳሽ ለሆድ ድርቀት ይታዘዛል። በብዛት የተበላ ስኳር የሌለው ከረሜላ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ አንዱ በሐኪም ትእዛዝ፣ ሌላው ሳይታሰብ መወሰዱ ነው።

## ካሎሪው ዜሮ አይደለም

አሁን ወደ ካሎሪው እንምጣ። አንድ ግራም ስኳር 4 ካሎሪ ይሰጣል። ተመጦ ደም ውስጥ የገባው ሶርቢቶልም ጉበት ላይ ወደ ፍሩክቶስ ተቀይሮ እንደ ስኳር ይቃጠላል። ትልቁ አንጀት የደረሰው ደግሞ ሁለት ጊዜ ይቀረጣል፤ ባክቴሪያዎቹ ድርሻቸውን ይወስዱና ለባለቤቱ በአሲድ መልክ ከግራሙ 2 ካሎሪ ያህል ይተዉለታል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ በመካከል ያለ ቁጥር ይወጣል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከኤሪትሪቶል በቀር ለሁሉም ስኳር አልኮሎች አንድ ቁጥር ሰጥቷል፤ በግራም 2.4 ካሎሪ። አሜሪካ እያንዳንዱን ለየብቻው ታያለች። ሶርቢቶል 2.6፣ ዛይሊቶል 2.4፣ ማልቲቶል 2.1፣ ማኒቶል 1.6 ይጻፋል።

ሲታይ 40 በመቶ ቅናሽ ነው። ግን የጣፋጭነቱን ነገር ማንሳት የግድ ነው። ዛይሊቶል ከስኳር ጋር እኩል ይጣፍጣል። ሶርቢቶል ግን የስኳርን 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው የሚጣፍጠው። አሥር ግራም ስኳር የሚሰጠውን ጣዕም በሶርቢቶል ብቻ ለማግኘት 17 ግራም ገደማ ያስፈልጋል። አሥር ግራም ስኳር 40 ካሎሪ ነው። አሥራ ሰባቱ ግራም ሶርቢቶል በ2.4 ሲባዛ 41 ካሎሪ ይሆናል። ቅናሹ የት ሄደ? አምራቾች ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ሶርቢቶሉን ለመጠን መሙያና ለልስላሴ ይጠቀሙበትና ጣዕሙን እንደ ሱክራሎስና አስፓርቴም ባሉ በጣም ጣፋጭ ነገሮች ይሞሉታል።

ብስኩት ላይ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። በ100 ግራም ብስኩት ውስጥ የነበረ 25 ግራም ስኳር በማልቲቶል ተተካ እንበል። የስኳሩ ካሎሪ 100 ነበር፤ በአውሮፓው ቁጥር ወደ 60 ወረደ። የተቀነሰው 40 ካሎሪ ነው። ዱቄቱና ቅባቱ ግን ባሉበት ናቸው። 450 ካሎሪ የነበረው ብስኩት 410 ሆነ፣ በቃ። ዱቄቱም ስታርች ስለሆነ ግሉኮስ ይሆናል። ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ «ይኼ ለስኳርሽ ጥሩ ነው» ብሎ የሰጣትን ብስኩት እንደልቧ የምትበላ እናት የደም ስኳሯ ሲወጣ ግራ የሚገባት ለዚህ ነው። ማልቲቶል ራሱ ከሶርቢቶልና ከዛይሊቶል ይልቅ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ካርቦሃይድሬትን በጣም የሚቀንሰውን ኬቶ የሚባለውን አመጋገብ የሚከተሉ ሰዎች ስኳር አልኮሉን በሙሉ ከካርቦሃይድሬቱ ላይ ቀንሰው መቁጠራቸው በማልቲቶል ላይ አይሠራም።

## ኤሪትሪቶል ለምን ተለየ

ኤሪትሪቶል ከቤተሰቡ ትንሹ ሞለኪውል ነው። ትንሽ ስለሆነ 90 በመቶ ያህሉ በትንሹ አንጀት ይመጠጣል። ሰውነት ግን ሊያቃጥለው አይችልም፤ ኩላሊት አጣርቶ በሽንት ያስወጣዋል። አውሮፓም አሜሪካም 0 ካሎሪ የሚሰጡት ለዚህ ነው። ትልቁ አንጀት የሚደርሰው ጥቂት በመሆኑ ሆድንም ብዙ አያውክም።

ሌላ ክርክር ግን ተነስቶበታል። በ2023 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ክሊቭላንድ ክሊኒክ ያሉ ተመራማሪዎች በደማቸው ውስጥ ብዙ ኤሪትሪቶል የተገኘባቸው ሰዎች የድንገተኛ የልብ ሕመምና የስትሮክ አደጋ ከፍ ብሎባቸው እንዳዩ ጻፉ። በ2024 ስለ ዛይሊቶል ተመሳሳይ ነገር አወጡ። በቤተ ሙከራም የደም መርጋትን ሲያፋጥን አይተናል ብለዋል። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ሰውነት ራሱ ከግሉኮስ ኤሪትሪቶል እንደሚሠራ ያነሳሉ። የስኳርና የልብ ችግር ያለበት ሰው ከመጀመሪያውም ብዙ ሊሠራ ይችላል፤ ስለዚህ ደሙ ውስጥ የታየው የበሽታው ምልክት እንጂ መንስኤው ላይሆን ይችላል ይላሉ። በእኔ እይታ የተቃዋሚዎቹ ጥያቄ ከባድ ነው፤ የቤተ ሙከራው ውጤት ግን እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። ለልብ ሕመምተኛ በየቀኑ 30 ግራም መውሰድን «ምንም የለውም» ብሎ ማጽናናት አሁን ላይ ድፍረት ነው።

## ስንት ግራም ሲሆን ነው «ብዙ» የሚባለው?

ሕጎቹ እዚህ ላይ አይስማሙም። በአሜሪካ የሶርቢቶል ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልገው ከምርቱ በቀን 50 ግራም ሊወሰድ ይችላል ተብሎ ሲታሰብ ነው። ለማኒቶል ገደቡ 20 ግራም ነው። አውሮፓ የሰውየውን መጠን ትቶ ምርቱን ያያል፤ ከ10 በመቶ በላይ ስኳር አልኮል የተጨመረበት ምግብ ሁሉ ማስጠንቀቂያውን መጻፍ አለበት።

የበርሊኗ ወጣት የታመመችው ከ20 ግራም ባልበለጠ ነው። ስለዚህ የአሜሪካው 50 ግራም ለብዙ ሰው የላላ ገደብ ነው ማለት ያስኬዳል። የአውሮፓው ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ማስጠንቀቂያው ከማስቲካ እስከ ቸኮሌት በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ስለሆነ አንባቢው ማንበቡን ይተወዋል፤ ስንት ማስቲካ «ብዙ» እንደሆነም አይነግረውም።

በተግባር 10 ግራም ሶርቢቶል አካባቢ ብዙ ሰው መንፋትና ጋዝ ይጀምረዋል። 20 ግራም ላይ ቁርጠትና ተቅማጥ የተለመደ ነው። ዛይሊቶል በመጠኑ የተሻለ ስለሚመጠጥ ሰው ትንሽ ከፍ ያለውን ይችለዋል። ሆዱ ቶሎ የሚቆጣ ሰው ግን 5 ግራምም ሊበዛበት ይችላል። ሕፃን ልጅ ሰውነቱ ትንሽ ስለሆነ ሆዱን ለማላላት ጥቂት ከረሜላ ይበቃል። ውሻ ያለው ቤተሰብ ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ፤ ዛይሊቶል ሰውን ሆዱን ቢያላላው ነው፣ ውሻን ግን ኢንሱሊኑን በድንገት አስነስቶ ሊገድለው ይችላል።

## ተቅማጡ ከዚህ መሆኑ እንዴት ይታወቃል?

እኛ አገር ሆዱ የተላላ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው አሜባና ጃርዲያን ነው። ብዙ ጊዜ ጥርጣሬው ልክ ነው። ችግሩ ምርመራው ንጹሕ ሆኖም መድኃኒቱ ሲወሰድ፣ ሳይሻለው ሲቀር ደግሞ ሲደገም ነው። ሜትፎርሚን ለሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ነገሩ የበለጠ ይወሳሰባል። ሜትፎርሚን ራሱ ሆድ ያላላል። ያው ሰው ደግሞ ስኳር የሌለው ከረሜላ ዋነኛ ደንበኛ ነው። ሁለቱ ሲደራረቡ ጥፋቱ ሁሉ መድኃኒቱ ላይ ይለጠፍና ሰውየው መድኃኒቱን ያቆማል። መጀመሪያ መቆም ያለበት ግን ከረሜላው ነው፤ ስለ መድኃኒቱ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት።

የሚለዩ ምልክቶች አሉ። የሶርቢቶል ተቅማጥ ውሃማ ነው፣ ጋዝና የሆድ ጩኸት ይበዛበታል። ደም የለውም፣ ትኩሳት የለውም። ዋናው መለያው ደግሞ ሲጾሙ መቆሙ ነው። የሚስበው ነገር ከላይ ካልገባ የሚሳብ ውሃ የለም። ስለዚህ ቀላሉ ምርመራ ማስቲካውን፣ ከረሜላውንና ብስኩቱን ለሦስት አራት ቀን ማቆም ነው። ከቆመ መልሱ ተገኘ። ካልቆመ፣ ደም ካለው፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሌላ ነገር ነውና ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

ላቦራቶሪም መለያ አለው። በሰገራው ውሃ ውስጥ ያለው ሶዲየምና ፖታሲየም ይለካና ተደምሮ በሁለት ይባዛል። ከዚያ ቀደም ሲል ካየነው የሰውነት ፈሳሽ 290 ላይ ይቀነሳል። ለምሳሌ ኮሌራ በያዘው ሰው ሶዲየሙ 105፣ ፖታሲየሙ 30 ቢሆን ድምሩ በሁለት 270 ነው፤ ልዩነቱ 20 ይሆናል። ውሃውን ያመጡት ጨዎቹ ናቸው ማለት ነው። ሶርቢቶል በበዛበት ሰው ግን ሶዲየሙ 30፣ ፖታሲየሙ 20 ቢሆን 100 ይወጣል፤ ልዩነቱ 190 ነው። ያ 190 ክፍተት ውሃውን ይዞ የወጣ፣ ማሽኑ ያልለካው ሌላ ነገር እንዳለ ይናገራል። ከ100 በላይ ሲሆን ሐኪሙ ወደ አመጋገብ ጥያቄው ይመለሳል።

ሲጠይቅም ሽሮፑን እንዳይረሳ። ስኳር የሌላቸው ብዙ የሳልና የትኩሳት ሽሮፖች የሚጣፍጡት በሶርቢቶል ነው። ሽሮፑ በቀን አራት ጊዜ ሲሰጠው ሆዱ የተላላ ልጅ ሆዱን ያላላው ሕመሙ ወይም መድኃኒቱ ሳይሆን ማጣፈጫው ሊሆን ይችላል። ጠርሙሱ ላይ «ኢ 420» ወይም ሶርቢቶል ተብሎ ተጽፏል። ዛይሊቶል ከሆነ «ኢ 967» ነው፤ ማልቲቶል ደግሞ «ኢ 965»።